ከቃለ መጠይቅ በኋላ ማስታወሻ መላክ፦ በቴሌግራም ወይስ በኢሜይል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለእንግዳ ተቀባይነት ተፈትነዋል እንበል። «እስከ ዓርብ እናሳውቃለን» ተብለው ወጡ፤ ዓርብ አለፈ፣ የደወለ የለም። ማስታወስ ነውር አይደለም። በምን እንደሚያስታውሱ ግን ማሰብ አለብዎት።

መጀመሪያ የተባለው ቀን ይለፍ። ዓርብ ከተባሉ ሰኞ ረፋድ ላይ ይጻፉ። ቅዳሜና እሁድ ሆቴል በሠርግና በእንግዳ ስለሚወጠር መልእክትዎን ልብ ብሎ የሚያነብ አይገኝም።

ከዚያ በምን እንደተጠሩ ያስታውሱ። የፈተናውን ቀን የነገረዎት ሰው በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ከጻፈልዎት በዚያው መመለስ ምንም ችግር የለውም። ቁጥሩን ከዘመድ ተቀብለው ከሆነ ግን ይተዉት። ያልሰጠዎት ሰው የግል ስልክ ላይ መጻፍ ጫና ይመስላል።

አጭር መልእክት የሚበቃው አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቁ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ረቡዕ ለእንግዳ ተቀባይነት የተፈተንኩት (ስምዎ) ነኝ። ውሳኔው መቼ ይታወቃል?»

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ፊደል ይይዛል፤ ከላይ ያለው ይገባል። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ የሚቆረጠውም ሒሳብ ይጨምራል። ዳታ በማይሠራበት ቀን ኤስኤምኤስን እመርጣለሁ። «ሰላም፣ እንዴት ነዎት?» ብሎ ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ግን አይሆንም፤ ማን እንደሆኑና ምን እንደፈለጉ በአንዱ መልእክት ይለቅ።

ዋናው ጉዳይ መልእክቱ ከተቀባዩ አልፎ ወደ ሌላ ሰው መሄድ አለበት ወይ የሚለው ነው። እርስዎን ያነጋገሩት የሰው ሀብት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይወስኑም፤ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል፣ ደመወዙን ፋይናንስ ያያል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጨምሩ ከተባሉ፣ ወይም የደመወዝ ጥያቄ ካለዎት፣ በቴሌግራም የላኩት ፋይል የሠራተኛዋ ስልክ ላይ ይቀራል። እሷ ዓመት ፈቃድ ብትወጣ የሚያገኘው የለም። በኢሜይል ከሆነ ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ በአንድ ጊዜ ይተላለፋል፣ ከማመልከቻዎ ጋርም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ ኢሜይል አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ማመልከቻ በላኩበት ወይም እነሱ በጻፉልዎት ላይ መልስ ይስጡ። ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡና ስምዎ ይኑር፣ የፋይሉም ስም «ስካን 1» ሳይሆን የእርስዎ ስም ይሁን።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፦ ደብዳቤውን በኢሜይል ልከው «የተጠየቀውን የሥራ ልምድ በኢሜይል ልኬያለሁ» ብለው በስልክ መጻፍ። በትናንሽ ሆቴሎች ኢሜይል በየቀኑ ስለማይከፈት ይህ መልእክት በእርግጥ ይጠቅማል።

በቴሌግራም ሁለት ምልክት ካዩ መልእክቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ተወስኗል ማለት አይደለም። ሁለተኛ መልእክት በዚያው ቀን አይላኩ። አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ አሁንም ዝም ካሉ በሥራ ሰዓት ወደ ሆቴሉ መደበኛ ስልክ አንዴ ይደውሉ።