የከፈልሁት ግብር «ውዝፍ» ሲባል

የንግድ ግብሬን በባንክ ከፍዬ ሳለ የግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውዝፍ እንዳለብኝ ያሳይ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ባንኩ የግብር ዘመኑን አሳስቶ ስለመዘገበ ክፍያው ለሌላ ዓመት ተይዟል። የባንክ ሒሳብ መግለጫዬ ብዙም አልረዳኝም፤ ገንዘብ መውጣቱን እንጂ ለየትኛው ግብር እንደዋለ አይናገርምና። ጉዳዩን የፈታው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ፣ የግብሩ ዓይነትና የባንኩ የግብይት ቁጥር የሰፈሩበት ማኅተም ያለው ደረሰኝ ነው። ከግብር ማስታወቂያዬ ቅጂ ጋር አያይዤ ክፍያው ወደ ትክክለኛው ዘመን እንዲዛወር በጽሑፍ አመለከትሁ፤ በራሴ ቅጂ ላይም የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስፈረምሁ። ውዝፉ ከመዝገቡ ሲነሣ አዲሱን የግብር ሒሳብ መግለጫ አሳትሜ ከደረሰኙ ጋር አሰርሁት። አንዳንድ ደረሰኝ በሙቀት በሚታተም ወረቀት ስለሚወጣ (ምን ዓይነት ቁጠባ እንደሆነ እንጃ) ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ዋናውን ከፎቶ ኮፒው ጋር ማስቀመጥ የሚሻለው በከፈሉበት ዕለት ነው።