ክላውድ ላይ ወጥቶ የተንቀራፈፈ ሲስተም፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ፋየርዎሉን፣ ዲኤንኤሱንና ሰርተፍኬቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ድሮ በቅጽበት የሚከፈተው ገጽ አሁን ከአሥር ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ሲፒዩው ግን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል

ደጋግሜ የምጠራበት ችግር ይሄ ነው። መንስኤውም ያው ነው። አፕሊኬሽኑ ከነኮተቱ፣ ኮዱ ሳይነካ ክላውድ ላይ ወጥቷል፤ ሪሆስት የሚባለው ነው። ዳታቤዙ ግን "ለደህንነት እዚሁ ይቆይ" ተብሎ ቢሮ ቀርቷል።

አንድ ድርጅት ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የደረሰኝ ዝርዝር የሚያሳየው ገጽ 400 መስመር አለው። ሎጉን ስከፍተው እንዲህ ይላል፦

```sql
SELECT * FROM customers WHERE id = 1041;
SELECT * FROM customers WHERE id = 1042;
SELECT * FROM customers WHERE id = 1043;
```

የየደረሰኙን ደንበኛ ለብቻ እየጠየቀ እንዲህ 400 ጊዜ ይቀጥላል። ዝርዝሩን ከሚያመጣው ጋር 401 ኳሪ መሆኑ ነው። ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ክፍል ውስጥ እያሉ አንዱ ደርሶ መልስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ነበር፤ ገጹ በ0.2 ሰከንድ ይመጣል። አሁን ደርሶ መልሱ 30 ሚሊሰከንድ ሆነ። ገጹም 12 ሰከንድ። ኮዱ ድሮም እንደዚሁ ነበር፤ ቅርበቱ ነው የሸፈነለት።

እኔ ከመድረሴ በፊት ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ አሳድገውታል። የሲፒዩው አጠቃቀም 4 በመቶ ነው፣ እነሱ ኮር ይጨምራሉ! እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ፖስትግሬስ ከሆነ ከአፕሊኬሽኑ ሰርቨር `psql` ገብታችሁ፦

```
\timing on
SELECT 1;
```

ምንም የማይሠራ ኳሪ 30 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ጊዜውን የሚበላው መንገዱ ነው።

ሁነኛው መፍትሄ ዳታቤዙን ከአፕሊኬሽኑ ጎን ማምጣት ነው። እዚህ ላይ ሪፕላትፎርም ይመጣል፦ ኮዱ ሳይቀየር፣ ባክአፑንና ፓቹን ክላውዱ ወደሚሠራበት የዳታቤዝ አገልግሎት ማዛወር። የእነዚህ ሰዎች ዳታቤዝ ግን መነሳት አልቻለም፤ ቢሮ የቀረው የደመወዝ ሲስተምም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። ስለዚህ 400ውን ጥያቄ በአንድ `JOIN` ጠቀለልነው። አንድ ቀን ፈጀ። ሌሎች ተመሳሳይ ገጾች ግን በርካታ ስለነበሩ፣ አፕሊኬሽኑን ወደ ቢሮ መልሰን የደመወዙ ሲስተም ተራ እስኪደርስ አቆየነው። መመለስ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ የ12 ሰከንዱን ገጽ ሲጠብቅ የሚውለውን ገንዘብ ያዥ ይጠይቅ።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። ከመዛወሩ በፊት የትኛው ሰርቨር ከማን ጋር እንደሚያወራ መዝግቡ። ሊኑክስ ላይ በሩት ክሮን፣ በየደቂቃው፦

```
* * * * * ss -tn state established >> /var/log/conn.log
```

ወር መጨረሻውን ሳያልፍ እንዳታቆሙት። በወር አንዴ ብቻ የሚነሳ ሪፖርት ነው ጉድ የሚሠራው። በዳታቤዝ የተሳሰሩት አንድ ቡድን ናቸው፤ አብረው ይሄዳሉ ወይ አብረው ይቀራሉ።

ስልት የሚመረጠውም ከዚህ በኋላ ነው፣ ለየሲስተሙ። "ሁሉም ሪሆስት ይሁን" ብሎ ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው እዚህ ያደረሰን። መዝገቡ ላይ ማንም የማያናግረው ሰርቨር ከተገኘ ዝጉት። ኢሜይልና የሠራተኛ መዝገብ የመሰለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ ግዙት። ጸሐፊው የለቀቀ፣ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ኮድ ከነኮተቱ ይሂድ። እንደ አዲስ መጻፍ የሚገባው በየሳምንቱ የሚቀየረውና ሥራችሁን አንቆ የያዘው ብቻ ነው። የዳታ ሴንተሩ ኪራይ ሊያልቅ ሦስት ወር ከቀረው ምርጫም የለም፤ ሪሆስት ነው። "በኋላ እናስተካክለዋለን" ለሚለው ግን ቀንና በጀት ካልተያዘለት፣ አይስተካከልም።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ ሂሳቡ ግን ናረ

የድሮውን ሰርቨር ኮርና ሚሞሪ ገልብጣችሁ ነው የተከራያችሁት። ያ ማሽን ሲገዛ ለአምስት ዓመት እድገት ታስቦ ነበር። የወር መጨረሻን ጨምሮ ትክክለኛውን አጠቃቀም ለኩና ቀንሱ። የመሞከሪያ ማሽኖችን ማታና ቅዳሜና እሁድ አጥፉ፤ በሳምንት ካለው 168 ሰዓት የምትጠቀሙባቸው 50 ያህሉን ነው።

ምልክት፦ ከተዛወረ በኋላ ላይሰንሱ አልቀበል አለ

ከአሮጌው ማሽን የኔትወርክ ካርድ አድራሻ ጋር ታስሯል። ሻጩን ከመዛወሩ በፊት ጠይቁ።

ምልክት፦ አዲሱ ተጽፎ አያልቅም፣ አሮጌውም አይዘጋም

ሁሉንም በአንዴ ለመተካት ተነስታችኋል። አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ደረሰኙን ብቻ፣ ለዩ። ከፊት ፕሮክሲ አስቀምጡና የደረሰኙን ጥያቄ ብቻ ወደ አዲሱ ምሩ። የአሮጌው ደረሰኝ ኮድ ሳይሰረዝ ወደሚቀጥለው እንዳታልፉ።