የመጀመሪያ ትምህርትዎን በስልክ ሲቀርጹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የ10 ደቂቃ ትምህርት ሊቀርጽ ነው እንበል። ያለው ስልክና ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ለድምፁ ሌላ ስልክ ከተዋሰ ይበቃዋል። ቪዲዮው የሚበላሸው በሌላ ምክንያት ነው።

መስኮቱን ከጀርባ ማድረግ

ከጀርባ ብርሃን ካለ ፊት ይጠቁራል። መስኮቱ ከፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ስስ ነጭ መጋረጃ ይጋርዱ። የጣሪያውን አምፖል ያጥፉት፤ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ከኋላ የተሰቀለው ሥዕል መስታወት ካለው መስኮቱን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ትንሽ ዘንበል ያድርጉት።

የብርሃኑን መጠን ለስልኩ መተው

ነጠላ ለባሾችን በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው። ስልክ ብርሃኑን የሚመጥነው በአብዛኛው የሚያየውን ሁሉ አንድ ላይ አመዛዝኖ ነው። ሰፊ ነጭ ልብስ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልማል። ያኔ ነጠላው ደህና ይታያል፣ ፊቱ ግን ይጨልማል። እጅዎን ባነሱ ቁጥር ደግሞ ምስሉ ፈካ ጨለም ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሌላ ሰው ቦታዎ ላይ ያስቀምጡ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትዎ ተጭነው ይቆዩ። አይፎን ላይ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች የቁልፍ ምልክት ያሳያሉ። ከዚያ ጣትዎን ቀስ አድርገው ወደ ታች ይጎትቱ። የነጠላው እጥፋት መታየት ሲጀምር ያቁሙ። እጥፋቱ ጠፍቶ ነጠላው ወረቀት ከመሰለ ብርሃኑ በዝቷል ማለት ነው።

ድምፁን ከሩቅ መቅዳት

2 ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ ከአፍዎ ይልቅ የግድግዳውን ገደል ማሚቶ ይሰማል። ሌላ ስልክ ይዋሱና የጆሮ ማዳመጫውን ሰክተው በድምፅ መቅጃው ይቅዱ። የማዳመጫውን ማይክ ከአገጭዎ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው ከነጠላው በላይ ያያይዙት። ከሥር ከገባ ጨርቁ እየታከከ ይንኮሻኮሻል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ይቅርብዎት፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁ የስልክ ጥሪ ይመስላል።

ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ሲጀምሩ አንዴ ያጨብጭቡ። ኋላ ማቀናበሪያው ላይ ሁለቱን ጭብጨባዎች ያገጣጥሙና የቪዲዮውን ድምፅ ይዝጉ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ከካሜራው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ፍሪጁንም ለጊዜው ይንቀሉት፣ ስልኮቹን ከጥሪ ይዝጉ።

በለሆሳስ መሞከር

ብዙዎች «በስመ አብ»ን ቀስ ብለው ብለው ድምፁ ጥሩ ነው ይላሉ። ትምህርቱ ሲሞቅ ድምፃቸው ከፍ ይልና ቀረጻው መሰንጠር ይጀምራል። ስለዚህ ለሙከራ በጣም ጮክ የሚሉበትን ዓረፍተ ነገር 30 ሰከንድ ያህል ይቅዱና በማዳመጫ ያዳምጡት። ከሰነጠረ ማይኩን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ያርቁ፤ ተሰንጥሮ የተቀዳ ድምፅ ኋላ ቢቀንሱትም አይስተካከልም።