የቁንጭር ቁስል የፎቶ ማስታወሻ፦ ፎቶው ሲያሳስት ምክንያቱና መፍትሄው

ቁንጭር ቀስ ብሎ አድጎ ቀስ ብሎ የሚሽር የቆዳ ቁስል ስለሆነ፣ ሕክምናው እየሠራ መሆኑ የሚለየው በተለያየ ቀን የተነሡ ፎቶዎች ሲነጻጸሩ ነው። ንጽጽሩ የሚበላሸው በአብዛኛው በአነሣሡ ነው።

ቁስሉ በፎቶ አንሷል፣ በሐኪም ሲለካ ግን እንዳለ ነው

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የማስመሪያው አቀማመጥ ነው። ጉንጭ ላይ ያለ 20 ሚሊሜትር ቁስል ከ10 ሴንቲሜትር ርቀት ሲነሣ፣ ማስመሪያው አፍንጫ ላይ ተደግፎ በ2 ሴንቲሜትር ወደ ስልኩ ከቀረበ፣ መስመሮቹ ተለቅ ብለው ስለሚታዩ ቁስሉ 16 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ይነበባል፤ በሽተኛውም ያልመጣ መሻል ይታየዋል። ስለዚህ የወረቀት ማስመሪያ ቁስሉን ሳይነካ ከጎኑ ቆዳው ላይ ይቀመጥ፤ ስልኩም 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ቁስሉን ፊት ለፊት እያየ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዙም ያንሣ። ሲለካም ቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጠንካራ እብጠት ጭምር ይያዝ።

ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጣል

የአምፖል ብርሃን ቢጫ ያደርጋል፣ ፍላሽ ያንጸባርቃል፣ ስልኩም ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል። በቀን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽና ያለ ማሳመሪያ፣ ነጭ ወረቀት ፎቶው ውስጥ አስገብቶ ማንሣት ልዩነቱን ይቀንሰዋል። ያም ሆኖ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ አይታይም፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ በእኔ ግምት ከቀለሙ ይልቅ የጠርዙ መሟሸሽ የተሻለ ምስክር ነው። ይህን ለማየት ብርሃኑ ከጎን እየመጣ ሁለተኛ ፎቶ ከጎን ይነሣ።

ከሕክምና በኋላ የባሰ ይመስላል

ቁስሉ በናይትሮጅን ከቀዘቀዘ በኋላ በቀጣዮቹ ቀናት ማበጥ፣ ውኃ መቋጠርና ቅርፊት መሥራት ይጠበቃል። ለንጽጽር የሚያገለግለው ፎቶ ከእያንዳንዱ ሕክምና በፊት የሚነሣው ነው፤ የሕክምናው ቀንም አብሮ ይጻፍ። መግል፣ ትኩሳት ወይም ወደ አፍንጫና ከንፈር መዛመት ከታየ ግን የሚቀጥለው ፎቶ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የተነሣበት ቀን አይታወቅም

በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ከጥራቱም ከተነሣበት ቀን መረጃም ይጎድላል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሁለቱም ይቆያሉ። ሌላው ግራ መጋባት ከዘመን አቆጣጠር የሚመጣ ነው፤ ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ሲሆን የቀጠሮ ካርዱ ብዙ ጊዜ በእኛ ነው። «ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦክቶበር 11፣ 2024)» ብሎ ወር በስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ከማስመሪያው ጎን ሆኖ አብሮ ቢነሣ፣ ፎቶው በየትም መንገድ ቢላክ ቀኑ ከላዩ ይነበባል።