ፒዲኤፉ «¾›=ƒÄåÁ» እያለ ሲከፈት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ እሠራለሁ። አንድ ቀን ከመሐል ሜዳ የመጡ መምህርት ስልካቸውን ዘረጉልኝና «ልጄ፣ ይህን አትምልኝ፤ እኔ ጋ አልነበብ አለ» አሉኝ። በቴሌግራም የተላከላቸው የሥልጠና ጽሑፍ ነው። ርዕሱ «የኢትዮጵያ» ብሎ መጀመር ሲገባው «¾›=ƒÄåÁ» ይላል። ገጹ ባዶ አይደለም፤ መስመሩም ሠንጠረዡም በቦታው አለ። የጠፋው ፊደሉ ብቻ ነው።

ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ሁለቱን ቀላል ችግሮች ላንሣ።

ፋይሉ በአሳሹ ውስጥ መከፈቱ ቀርቶ እየወረደ ካስቸገረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የአሳሹ ምርጫ ነው። በኮምፒውተር ክሮም ላይ በአድራሻ መጻፊያው ይህን ጽፈው ያስገቡና Open PDFs in Chrome የሚለውን ይምረጡ፦

```
chrome://settings/content/pdfDocuments
```

ይህን አድርገውም አንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ መውረዱ ከቀጠለ፣ ድረ ገጹ ራሱ «አውርድ» ብሎ እያዘዘ ነው። ያኔ የወረደውን ፋይል ጎትቶ አሳሹ ላይ መጣል ይበቃል።

ገጹ ነጭ ሆኖ ከተከፈተ ወይም ጨርሶ አልከፈት ካለ መጀመሪያ መጠኑን ይዩ። የላከልዎት ሰው ጋ 3 ሜጋባይት የሆነው እርስዎ ጋ 900 ኪሎባይት ከሆነ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ግማሹ ቀርቷል፤ አጥፍተው እንደገና ያውርዱት። መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ደግሞ በኖትፓድ ይክፈቱት። ትክክለኛ ፒዲኤፍ `%PDF-` ብሎ ይጀምራል። በምትኩ `<!DOCTYPE html>` ካዩ፣ የወረደው ሰነዱ ሳይሆን የመግቢያ ወይም የስሕተት ገጽ ነው። ስሙን ብቻ ፒዲኤፍ ብሎታል።

አሁን ወደ መምህርቷ ፋይል። ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ለየራሳቸው የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው «¾» የሚለውን ምልክት ሲሆን፣ ፎንቱ ግን «የ» አድርጎ ይሥለዋል። ፎንቱ ከሌለ የሚቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ዛሬም በነዚህ ፎንቶች የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። እጃቸው ስለለመደው አልፈርድባቸውም፤ ጣጣው ግን ለአንባቢ ይተርፋል።

ለማረጋገጥ ፋይሉን በኮምፒውተር አዶቤ ሪደር ከፈትኩና Ctrl+D ተጭኜ Fonts የሚለውን አየሁ። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ካለ ከስሙ ጎን Embedded ወይም Embedded Subset ይጻፋል። የመምህርቷ ፋይል ላይ ከድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የአንዱ ስም ነበር፤ ከጎኑ ግን ምንም የለም። Actual Font በሚለው ሥር ArialMT ይላል። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፦ ሪደሩ ፎንቱን ቢያጣ በኤሪያል ተክቶታል።

እንዲህ ሲሆን አሳሽ መቀያየር ዋጋ የለውም። ፎንቱ በኮምፒውተርዎ ላይ ካለ ወይም ከሚያምኑት ሰው አግኝተው ከጫኑት ሊነበብ ይችላል፤ ስልክ ላይ ግን ይህ መንገድ አያዋጣም። ከየድረ ገጹ ፎንት ማውረድንም አልመክርም፤ ተመሳሳይ ስም ይዘው ፊደሉን በሌላ ቦታ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ከፎንት ጋር ቫይረስ የሚያስገቡም አሉ።

ዋናው መፍትሔ ከላኪው ጋ ነው። መምህርቷ ፋይሉን ለላከችላቸው ጸሐፊ ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። «እቴ፣ የወርዱን ፋይል ክፈቺ» አልኳት። ከዚያ Save As፣ ዓይነቱን PDF፣ ቀጥሎ Options፤ PDF/A የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ እንድታስቀምጥ ነገርኳት። PDF/A ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል።

«እኔ ጋ'ኮ በደንብ ይነበባል» አለች። ፎንቱ እሷ ኮምፒውተር ላይ ስለተጫነ የድሮውም ፋይል እሷ ጋ ይነበብ ነበር። ስለዚህ ሙከራው ፎንቱ በሌለበት ስልክ መሆን አለበት። ወደ መምህርቷ ስልክ ላከችው፤ ከፈትነው፤ «የኢትዮጵያ» አለ።

አንድ ነገር ግን አልተስተካከለም። መምህርቷ አንዱን አንቀጽ ቀድተው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት ያው «¾›=ƒÄåÁ» ወጣ። በፍለጋም አንድ የአማርኛ ቃል አይገኝም። የገባው የፊደሉ ሥዕል ነው እንጂ ከሥሩ ያለው ምልክት የድሮው ነው። ለማተምና ለማንበብ ይህ አያስቸግርም። መቅዳት ወይም ማረም ካስፈለገ ግን ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፣ አለዚያም እንደገና መጻፍ። መምህርቷ የፈለጉት ማተም ብቻ ስለነበር 14ቱን ገጽ አትሜ ሰጠኋቸው።