ከቺሊ የተነሳው ሞገድ ፉሪ ሲደርስ፦ በጥላ ቀጠና ውስጥ የሚያጋጥሙ የንባብ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የካቲት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ34 ገደማ፣ ቺሊ ማውሌ አካባቢ መጠኑ 8.8 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ከቦታው 112.6 ዲግሪ ይርቃል፤ በመሬት ገጽ ላይ ሲለካ 12,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት ከ104 እስከ 140 ዲግሪ በሚዘረጋው፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የፒ ሞገድ በቀጥታ በማይደርስበት የጥላ ቀጠና ውስጥ ይወድቃል። የእንዲህ ያለ ርቀት መዝገብ ለጀማሪ አንባቢ አታላይ ነው።

ችግር 1፦ ርቀቱ 40 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል

ተማሪው መጀመሪያ ጎልቶ የሚታየውን ሞገድ ፒ ይለዋል፤ ከርዕደ መሬቱ 19 ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ የሚደርሰውን ማለት ነው። ቀጥሎ በ25 ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚመጣውን ኤስ ይለዋል። የ6 ደቂቃ ልዩነቱን ይዞ ሰንጠረዡን ሲያይ ርቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ ይሆንበታል። በዚህ ስሌት ቺሊ ከአዲስ አበባ 4,400 ኪሎ ሜትር ብቻ ትርቃለች።

መንስኤው 2,890 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ማንትሉ አልቆ ውጫዊው እምብርት ሲጀምር የፒ ሞገድ ፍጥነት በሰከንድ ከ13.7 ወደ 8.1 ኪሎ ሜትር ያሽቆለቁላል። ድንበሩን ተሻግሮ የገባው ሞገድ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ከጥላው ባሻገር ይወጣል፤ ሳይገባ ዳሩን ብቻ ታክኮ ያለፈው ደግሞ ከጥላው በፊት ወደ ገጽ ይመለሳል። መሃሉ ላይ የሚቀረው ክፍተት ጥላው ነው። በ19 ደቂቃ ተኩል የታየው PP ነው፤ በመንገዱ አጋማሽ የመሬት ገጽ ላይ አንዴ ነጥሮ የመጣ።

መፍትሄው ከማንበብ በፊት፣ TauP በተባለው የሞገድ መድረሻ ሰዓት ማስያ ፕሮግራም የሚጠበቁትን ሰዓቶች ማስላት ነው፦

```
taup_time -mod iasp91 -h 23 -deg 112.6 -ph Pdiff,PKiKP,PP,SKS,SS
```

Pdiff 15 ደቂቃ ሳይሞላ ይመጣል። የእምብርቱን ጥምዝ ተከትሎ የተንሸራተተ ደካማ ሞገድ ስለሆነ በጥሬው መዝገብ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። በዝግታ የሚወዛወዘውን ክፍል ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ተጠቀሙ፤ ረጅም ፔሬድ ያለው ሞገድ በጥምዙ ላይ የተሻለ ይጓዛል። የጥላው ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ያልሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግር 2፦ ኤስ የሚመስል ሞገድ በኤስ ጥላ ውስጥ ይታያል

እዚህ ላይ «ታዲያ እምብርቱ ፈሳሽ ነው ያለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤስ ሞገድ ቁሱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቅርጹን የመመለስ ኃይል በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ከ104 ዲግሪ በኋላ ቀጥተኛው ኤስ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

በ25 ደቂቃ ተኩል የመጣው SKS ነው። ማንትሉን በኤስ ወርዶ፣ ድንበሩ ላይ ወደ ፒ ተለውጦ እምብርቱን ያቋርጣል፤ ሲወጣም ተመልሶ ኤስ ይሆናል። ለመለየት ሁለቱን አግድም መዝገቦች ወደ ርዕደ መሬቱ አቅጣጫ አዙሩ፦ አንዱ በአቅጣጫው ላይ፣ ሌላው ለእሱ ቀጤ ነክ እንዲሆን። SKS ከፒ ስለተወለደ በአቅጣጫው ባለው መዝገብ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ በቀጤ ነኩ ላይ ግን በአብዛኛው ይጠፋል። በ35 ደቂቃ አካባቢ የሚመጣው SS ደግሞ ገጽ ላይ ነጥሮ በማንትሉ ብቻ የተጓዘ ነው።

ይህን መለየት ድሮም ቀላል አልነበረም። ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1906 እምብርት መኖሩን ከሞገዶች አሳየ፤ ጉተንበርግ በ1913 ጥልቀቱን 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አደረሰው። ፈሳሽነቱ ያሳመነው ግን በ1926 ጄፍሪስ ነው። የጨረቃና የፀሐይ ስበት መሬትን ምን ያህል እንደሚያዛባት ሲያሰላ፣ ምድር በጥቅሉ ከማንትሉ ያነሰ ጥንካሬ እንዳላት አገኘ። ልዩነቱን ሊሞላ የሚችለው ልል የሆነ መሃል ብቻ ነበር። የሞገዱ መጥፋት ለብቻው ማስረጃ ሆኖ አላበቃም ማለት ነው።

ችግር 3፦ ከ PP አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ትንሽ ምት አለ

ብዙዎች እንደ ጫጫታ ያልፉታል። የላይና ታች እንቅስቃሴውን በሚያሳየው መዝገብ ላይ፣ 1 ኸርዝ አካባቢ አጣርታችሁ 18 ደቂቃ ተኩል ላይ ከፈለጋችሁት PKiKP ሊሆን ይችላል፤ ከውስጠኛው እምብርት ገጽ ላይ ነጥሮ የመጣ የፒ ሞገድ ማለት ነው። ደካማ ስለሆነ አንድ ጣቢያ አይበቃም፤ የብዙ ጣቢያ መዝገቦችን ደርቦ መደመር ያስፈልጋል።

ማንትልና ፈሳሽ እምብርት ብቻ ቢኖሩ ይህ ምት አይመጣም ነበር። ዴንማርካዊቷ ኢንገ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1929 ኒውዚላንድ ውስጥ የደረሰው ርዕደ መሬት በጥላው ክልል ባሉ ጣቢያዎች ያስመዘገበውን ሞገድ አየች። ጥምዙን ተከትሎ የተንሸራተተ ነው የሚለው ማብራሪያ አላጠገባትም። በ1936 ከእምብርቱ ውስጥ ሌላ፣ ፍጥነቱ የሚጨምርበት ኳስ አለ አለች፤ ዛሬ ሬዲየሱ 1,220 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። ጥላው የነገራት ፍጥነቱ እንደሚለወጥ ብቻ ነበር። ያ ኳስ ጠጣር መሆኑ የተረጋገጠው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ፣ ትላልቅ ርዕደ መሬቶች መላዋን ምድር እንደ ደወል ሲያስተጋቧት ድምፀቱ ተለክቶ ነው።