68 ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፦ እንደየችሎታቸው ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

የማስተምረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። ሦስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። 68 ልጆች፣ 17 ዴስክ፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። መጽሐፉን ለሦስት ይጋሩታል። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላም ቤተሰቡ ሰፈር የቀየረ አዲስ ልጅ ይመጣል። "ተማሪዎችን እንደየችሎታቸው አስተምሩ" የሚለውን ሥልጠና ብዙዎቻችን ወስደናል፤ ክፍል ገብተን ስንሞክረው ግን ቶሎ እንተወዋለን። የምንተወው ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፣ በመበደር መቀነስ።

ልጆቹን በውጤት መከፋፈል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሮስተሩን ውጤት አይተን "ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ደካማ" ብለን እንመድባለን። 45 ያመጣ ልጅ ግን ምን እንዳቃተው 45 የምትለው ቁጥር አትነግረንም። ሁለት ልጆች እኩል 45 አምጥተው ችግራቸው ጨርሶ ሊለያይ ይችላል፣ ያኔ አንድ ቡድን ውስጥ ብናስቀምጣቸው አንዱን እንኳ አንረዳም።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፦ 53 − 27። አንድ የደብተር ወረቀት ስምንት ቦታ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ዘጠኝ ወረቀት ለክፍሉ በሙሉ ይበቃል። ስማቸውን ጽፈው፣ ሠርተው ይሰጡኛል። እረፍት ላይ ጠረጴዛ ላይ በመልሳቸው እደረድራቸዋለሁ። የማየው መልሱን ብቻ ስለሆነ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

26 የጻፈው አውቆታል። 34 የጻፈው በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ትንሹን ቀንሷል፣ ማለትም ከ7 ላይ 3። 36 የጻፈው ተበድሯል፣ ነገር ግን 5ቱን ወደ 4 ዝቅ ማድረግ ረስቷል። 30 የጻፈው "ከ3 ላይ 7 አይነሳም" ብሎ ዜሮ አስቀምጧል። 80 የጻፈው ምልክቱን ሳያይ ደምሯል። አንዱን "34 እንዴት መጣ?" ብዬ ስጠይቀው "ቲቸር፣ ከ3 ላይ 7 ስለማይነሳ ገለበጥኩት" አለኝ። ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሕግ አለው፣ ሕጉ ነው የተሳሳተው።

ከእነዚህ ውጪ የሆነ መልስ የሰጡ ጥቂት ልጆች ይቀራሉ። እነሱን አንድ በአንድ ጠርቼ በቃል እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ቁጥሩን እንዲያነቡልኝ። ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በሚችሉት ነገር እየመደበ በማስተማር የሚታወቀው የሕንዱ ድርጅት ፕራታምም የሚለያቸው በእንዲህ ዓይነት አጭር የቃል ጥያቄ ነው። ሃምሳ ሦስትን 503 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ካገኛችሁ መበደር ለእሱ ገና ነው። ይሄ ልጅ ከክፍለ ጊዜው ውጪ አሥር አሥር ደቂቃ ያስፈልገዋል። የምነግራችሁ ዘዴ ብቻውን እሱን አያድነውም።

ጥያቄውን ሳያስቡ መምረጥ

ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት 52 − 27ን ነበር። ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው 35 ጻፈና ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቤ አስተማርኩ፣ አንዳንዶቹ ገባቸው፣ ሌሎቹ ፈዘው አዩኝ። ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ። አሃዞቹን የገለበጠው ልጅ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 ያገኛል። ተበድሮ መቀነስ የረሳው ደግሞ ከ12 ላይ 7 ቀንሶ ያው 5 ያገኛል። የሁለቱም መልስ 35 ነው! በአንድ ቤት ያሉት አሃዞች ልዩነት 5 ከሆነ ሁሌም እንዲህ ይደበላለቃል። ስለዚህ ልዩነታቸው 5 ያልሆነ አሃዝ ምረጡ።

ሦስት ትምህርት ማዘጋጀት

የሚያቃጥለን ይሄ ነው። ለሦስት ቡድን ሦስት የትምህርት ዕቅድ የሚጽፍ መምህር ሁለት ሳምንት አይቆይም። ትምህርቱ አንድ ይሁን፣ የሚለየው ሥራው ነው። በ40 ደቂቃው ውስጥ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለሁሉም አስተምራለሁ። ቀጥሎ ባለው 20 ደቂቃ 34 የጻፉት ፊት ለፊት ወዳሉት ዴስኮች መጥተው ከእኔ ጋር ይሠራሉ። 36 የጻፉት መልሳቸውን ከ27 ጋር ይደምሩታል፤ 63 ሲመጣባቸው አንድ አሥር ከየት እንደተረፈ ራሳቸው ይፈልጋሉ። 30 እና 80 የጻፉት ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ 30 የጻፉት ከእኔ ጋር ይቀላቀላሉ፣ የደመሩት ምልክቱን አክብበው እንደገና ይሠሩታል። 26 ያገኙት "መልሱ 26 የሚሆን፣ መበደር የሚጠይቅ ጥያቄ ፍጠሩ፣ ከዚያ ተለዋወጡ" ይባላሉ። ለእነሱ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ መስጠት ቀድሞ መጨረስን መቅጣት ነው። የቀረው አሥር ደቂቃ ለጋራ ማረሚያ ነው።

ቆርኪ

ቆርኪ በነጻ ይገኛል፣ ለመደመርም ጥሩ ነው። ለመበደር ግን አይሆንም። 53 ቆርኪ ከሰጣችሁት ልጁ አንድ በአንድ ቆጥሮ 27 ያነሳና 26 ይላችኋል። መልሱ ልክ ነው፣ መበደር ግን አልተማረም። ከመጥረጊያ የተለቀመ ስንጥር ቆርጣችሁ አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩ። አምስት እስርና ሦስት ነጠላ 53 ነው። 7 ነጠላ ለማንሳት ሲሞክር ሦስት ብቻ አለው። አንድ እስር መፍታት የግድ ይሆንበታል። ሲፈታው ነጠላው 13፣ እስሩ 4 ይሆናል፣ 5ቱ ለምን ወደ 4 እንደወረደ በእጁ ይዞ ያየዋል። ለአራት ወይም ለአምስት ልጅ አንድ ስብስብ ይበቃል። እስሩን ራሱ ልጁ ይፍታው፣ እናንተ አትፍቱለት።

ቡድኑን እስከ ሰኔ ማቆየት

አንድ ለአምስትን ሁላችንም እናውቀዋለን። መሪው ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። የኔ ቡድን ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው፣ ስምም የለውም። "ስንጥር የያዛችሁ ወደዚህ" ብቻ እላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ ሌላ ልጅ ነው ስንጥር የሚይዘው። የሚረዳው ልጅ ደግሞ የጓደኛውን እርሳስ አይነካም፤ "ይሄ ከየት መጣ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

ሲመዝኑ ✓ እና ✗ ብቻ ማየት

ከአራት ቀን በኋላ እንደገና እጠይቃለሁ፦ 71 − 43። ልክ የሆነው 28 ነው። የገለበጠው 32፣ ተበድሮ የረሳው 38 ይጽፋል። አብሬ 58 − 23ንም አስገባለሁ፣ ምክንያቱም መበደር የተማረ ልጅ ሳያስፈልገው መበደር ይጀምራል፣ ያኔ መልሱ ከ35 ይርቃል።

ባለፈው ወር 34 ጽፋ የነበረች አንዲት ልጅ 38 ጻፈች። ሮስተር ላይ ሁለቱም ✗ ናቸው። እኔ ግን ወረቀቷን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፤ አሁን መበደርን አውቃለች፣ የቀራት የተበደረችበትን መቀነስ ብቻ ነው። ስንጥሩን ትታ 38ን ከ43 ጋር እንድትደምር ነገርኳት። 81 መጣላት። ዝም ብላ 7ቱን ሰርዛ ከላዩ 6 ጻፈች።